ሁለት ኩንታል በቆሎ በቀጥታ ይከፈታል፦ ስለ ነጻው የኦንላይን ማሳያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኅዳር የመጨረሻ ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ ከ2፡00 እስከ 2፡40፣ ቡሬ ካለው መጋዘናችን በዙም በቀጥታ የሚተላለፍ ነጻ ማሳያ አዘጋጅተናል። የምናሳየው ፒክስ የሚባለውን አየር የማያስገባ የእህል ከረጢት ነው። ማክሰኞ ያልተመቸው ሰው ሐሙስ ማታ በዚያው ሰዓት መግባት ይችላል። ጥሪው ከወጣ ወዲህ ከሽንዲ፣ ከጅጋ፣ ከደምበጫ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከራሷ ከቡሬ ብዙ ሰው ጠይቆናል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሱን አንድ ቦታ አስቀምጠነዋል።

አጨዳ ላይ ነኝ፣ ፋታ የለኝም። ሥራው ቀለል ሲል በጥር ወይም በየካቲት ብታደርጉት አይሻልም ነበር?

ለእኛም በጥር ይቀለን ነበር። በጥር ግን በቆሎው ተፈልፍሎ፣ በማዳበሪያ ታስሮ ግድግዳ ጥግ ተደርድሯል። ከረጢቱን መምረጥ የሚቻለው ከአጨዳ በኋላ እህሉ እስኪታሰር ባለችው አጭር ጊዜ ነው። ከታሰረ በኋላ ፈትቶ እንደገና መሙላት የሰውም የጉልበትም ዋጋ ስላለው ማንም አያደርገውም። ስለዚህ የሚመጣው ዓመት ክረምት ላይ ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚሸጡ የሚወሰነው በዚህ በተጣበበው ወር ነው።

ሌላው ምክንያት ነቀዙ ራሱ ነው። ብዙ ሰው ነቀዝ ከጎተራው የሚነሳ ይመስለዋል። ከጎተራው የሚነሳ አለ፤ ነገር ግን ነቀዝ በራሪ ስለሆነ በቆሎው ገና በአገዳው ላይ እየደረቀ ሳለም ይደርስበታል። እንስቷ ፍሬውን በአፏ ትበሳና እንቁላሏን ከውስጥ አስቀምጣ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። እጩ ከፍሬው ልብ ውስጥ ሆኖ እየበላ ያድግና ጎልምሶ በስቶ ይወጣል። ይህ እንደ ቦታው ሙቀት ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይፈጃል። በታኅሣሥ እፍኝ አንስተው ሲያዩት ንጹሕ የሆነው በቆሎ በመጋቢት ብናኝ የሚያራግፈው ለዚህ ነው። ሲታሰርም ንጹሕ አልነበረም፤ ነቀዙ ከውስጥ ስለሆነ አልታየም።

40 ደቂቃ ስትሉ እውነት 40 ነው? ስብሰባ ሲባል እኮ ግማሹ ሰዓት በሰላምታ ያልቃል።

የምንጠቀመው የዙም ነጻ አካውንት ነው። ነጻው አካውንት በ40 ደቂቃ ስብሰባውን ራሱ ይዘጋዋል፤ ልናራዝም ብንልም አንችልም። ስለዚህ የመክፈቻ ንግግር የለም፣ የክብር እንግዳ የለም። 2፡00 ሲል ካሜራው ከረጢቶቹ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉንም ሥራ ለሚበዛበት ሰው ብለን ነው ያዘጋጀነው። ዋናው ነገር በመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች ይታያል። ከዚያ 12 ደቂቃ ለአሞላልና ለአስተሳሰር፣ 5 ደቂቃ ለድርቀት ፍተሻ፣ የቀረው 15 ደቂቃ ለጥያቄ ነው። ሕፃን ያለቀሰበት ወይም ከብት የሚያስገባ ሰው ከ8ኛው ደቂቃ በኋላ ቢወጣ እንኳ የመጣበትን አይቶ ይወጣል።

በመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች የሚታየው ምንድን ነው?

ባለፈው ግንቦት ከአንድ ገበሬ ጎተራ፣ ነቀዝ የገባበትን በቆሎ ገዝተን አንድ ላይ ቀላቅለን ለሁለት ከፈልነው። አንዱን ኩንታል በተራ ማዳበሪያ፣ ሌላውን በፒክስ ከረጢት አሰርነው። ሁለቱም ክረምቱን እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ የእንጨት ርብራብ ላይ ከርመዋል። የፒክሱን እኛም አልከፈትነውም። ማክሰኞ ማታ በእናንተ ፊት ይፈታል።

ከሁለቱም ከላይ፣ ከመሐልና ከታች እንዘግናለን። የተዘገነውን በነጭ ሰፌድ ላይ እናፈሰዋለን፤ ካሜራውም ቀርቦ ያሳያል። እናንተ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የሚንቀሳቀስ ነቀዝ አለ ወይ? ከሰፌዱ ሥር የሚቀረው ብናኝ ምን ያህል ነው? የተበሳው ፍሬ ስንት ነው? በፒክሱ ውስጥ የተበሳ ፍሬ ጨርሶ አይኖርም አንልም። ሲገባ የተበሳ ነበርና። የምንጠብቀው ከታሰረ ወዲህ ጉዳቱ ቆሞ፣ ነቀዙም ሞቶ እንድናገኘው ነው። ሐሙስ የሚገቡ ደግሞ የማክሰኞውን ሰፌድ ከነበቆሎው ያዩታል፤ ቀድሞ የተከፈተ ስለሆነ ለእነሱ አዲስ ከረጢት አለ አንልም።

ከረጢቱ ተበስቶ ቢገኝስ ብሎ የጠየቀን ሰው አለ። ከተበሳ ቀዳዳውን ፈልገን እናሳያለን፤ እንዲያውም ከዚያ ብዙ መማር ይቻላል።

ያለ መድኃኒት ከረጢት ብቻውን ነቀዝ እንዴት ይገድላል?

ፒክስ በውስጡ ምንም መድኃኒት የለበትም። ሦስት ንብርብር ነው፦ ሁለት ወፈር ያሉ የፕላስቲክ ከረጢቶች አንዱ በሌላው ውስጥ፣ ከውጭ ደግሞ የተለመደው የተሸመነ ማዳበሪያ። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆች) በካሜሩን ከገበሬዎች ጋር ሲሠሩ ያገኙት ዘዴ ነው። ያኔ የተሠራው ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ነበር፤ በኋላ ለበቆሎና ለሌላውም እህል ዋለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነቀዝም እንደ እኛ ይተነፍሳል። አየር በማይገባበት ከረጢት ሲታሰር ውስጥ የቀረችውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርሳታል። በተለመደው አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ያህል ነው። ነቀዝ ባለበት በደንብ የታሰረ ከረጢት ውስጥ በጥቂት ቀናት ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ያኔ ነቀዙ መብላት ያቆማል፣ መራባትም ያቆማል። የሚሞተው ግን ወዲያው ታፍኖ አይደለም። ነቀዝ ውኃ አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን ውኃ የሚያገኘው የበላውን ደረቅ እህል በኦክስጅን አቃጥሎ ነው። ኦክስጅን ሲያጣ ውኃም ያጣል፤ በጊዜ ብዛት ደርቆ ያልቃል።

ከዚህ የሚወጣው ትእዛዝ ቀላል ነው፦ በየሳምንቱ እየፈቱ ማየት አይገባም። በተፈታ ቁጥር አዲስ አየር ይገባል፣ ለነቀዙም ዕድሜ ይጨመርለታል። ለቤት ቀለብ በየጊዜው የሚቀዳ ከሆነ ለሱ አንድ ከረጢት ይለዩና ሌሎቹን አይንኩ።

ከረጢት ማሰር ማን ያቅተዋል? ለዚህ 12 ደቂቃ ለምን?

ከረጢቱን ገዝተው አልሠራልንም ካሉን ሰዎች መካከል አብዛኞቹ የተሳሳቱት አስተሳሰሩ ላይ ስለሆነ ነው። ሦስቱን አፍ አንድ ላይ ጨብጦ በአንድ ሲባጎ ማነቅ የተለመደ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጠብቋል፤ ነገር ግን በንብርብሮቹ እጥፋት መካከል አየር እንደ ልቡ ይገባል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ከመሙላት በፊት የፕላስቲኮቹን ደኅንነት ይፈትሹ፦ አየር ሞልተው አፉን ጠምዝዘው ይያዙና ጫን እያሉ ጉንጭዎን ያስጠጉ። ቀዳዳ ካለ ትንፋሹ ፊትዎ ላይ ይሰማዎታል። ከዚያ አንዱን ፕላስቲክ በሌላው ውስጥ፣ ሁለቱንም በማዳበሪያው ውስጥ አስገብተው ጥቂት እህል ሲጨምሩ የሁለተኛውን ጠርዝ ወደ ውጭ ይገልብጡት። እየሞሉ በጡጫ ይጠቅጥቁ፤ በእህሉ መካከል የሚቀረው አየር ባነሰ መጠን ነቀዙ ቶሎ ይጨርሰዋል። ዳር ድረስ አይሙሉ። ለማሰሪያ ከክንድ የማያንስ አንገት መትረፍ አለበት፤ ስስት እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው።

ከዚያ የውስጠኛውን አንገት ብቻ አየሩን በእጅ እየገፉ ይጠምዝዙ፤ የተጠመዘዘውን ወደ ታች አጥፈው በሲባጎ ጥብቅ አድርገው ያስሩ። ሁለተኛውን ፕላስቲክ በላዩ አምጥተው እንደዚያው ይጠምዝዙ፣ ያጥፉ፣ ያስሩ። ማዳበሪያው መጨረሻ ይታሰራል። ሦስት አንገት፣ ሦስት እስር። በማሳያው አንድ ሰው በትክክል ያስራል፤ ቀጥሎ የተለመደውን የተሳሳተ አስተሳሰር አስረን ጫን ስንለው አየር ሲያፈተልክ ትሰማላችሁ።

በቆሎዬ ለማሰር በቂ መድረቁን በምን አውቃለሁ?

ይህን ጥያቄ የጠየቁን ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ቢጠይቀው እንወድ ነበር። ከረጢቱ እህል አያደርቅም። እርጥብ የገባ በቆሎ እርጥበቱ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይሻግታል። ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ መርዝ በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም። በጥርስ ሰብሮ መፈተን ለለመደው ሰው ይረዳል፤ ይሁን እንጂ ለዚህ ከረጢት አይበቃም።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ሰው 13 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ይሰር። መሣሪያ ለሌለው የጨው ፍተሻ አለ። ንጹሕና ፍጹም ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ይውሰዱ። አንድ ሦስተኛውን በቆሎ ያድርጉበት፤ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ይክደኑት። ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ነቅንቀው ለሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት ስላለው አይታሰርም። ጨው ሳይጣበቅ ወደ ታች ከወረደ ከ15 በታች ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው፣ ጨው የሚነግረን 15ን ብቻ ነው፤ 13 መድረሱን አይነግረንም። ስለዚህ ፍተሻውን ካለፈ በኋላም ጥሩ ፀሐይ ባለበት አንድ ሁለት ቀን በሸራ ላይ ያስጡት። በመሬት ላይ አይሁን፤ መሬት ሌሊት እርጥበት ይሰጣል። ጨውም ራሱ እርጥበት የሚስብ ስለሆነ፣ ወጥ ቤት ተከፍቶ የከረመ ጨው ያሳስታል። በፀሐይ ወይም በምጣድ አድርቀው ይጠቀሙ።

ከተራው ማዳበሪያ ይወደዳል። የሚያዋጣኝ መሆኑን በምን ልመን?

በእኛ ቃል አይመኑ፤ በራስዎ በቆሎ ይፈትኑ። ካለፈው ዓመት የተረፈ፣ ክረምቱን የከረመ በቆሎ ከጎተራው ሥር አይጠፋም። ከዚያ ሳይመርጡ 200 ፍሬ ይቁጠሩ። የተበሳውን አንድ ላይ፣ ደኅናውን አንድ ላይ ይለዩና በትንሽ የቅመም ሚዛን ይመዝኑ።

ምሳሌ እንውሰድ። ከ200ው 150ው ደኅና ሆኖ 51 ግራም መዘነ እንበል። አንዱ ደኅና ፍሬ 0.34 ግራም ነው ማለት ነው። 50ው የተበሳ ሆኖ 12 ግራም መዘነ። 200ውም ደኅና ቢሆን ኖሮ 68 ግራም ይመዝን ነበር። አሁን ያለው 63 ነው። 5 ግራም ነቀዝ በልቶታል፤ ከ68ቱ ሲታሰብ 7 በመቶ ያህል። ከአንድ ኩንታል 7 ኪሎ ሄዷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ለስሌት የሚመች ቁጥር እንያዝ፤ እርስዎ የገበያዎን ይተኩበት። ፒክሱ 200 ብር፣ ተራው ማዳበሪያ 60 ብር፣ በቆሎ በኪሎ 40 ብር ቢሆን፣ ለፒክሱ የሚጨመረው 140 ብር የሦስት ኪሎ ተኩል በቆሎ ዋጋ ነው። ስለዚህ ነቀዝ ከኩንታል ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ የሚወስድብዎት ከሆነ ከረጢቱ በመጀመሪያው ዓመት ዋጋውን ይመልሳል። ካልወሰደብዎት በአንድ ዓመት አይመልስም፤ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ሲያገለግል ነው የሚመልሰው።

ሌላም ነገር አለ። 20 ኩንታል ያገኘ ቤተሰብ 20 ከረጢት አያስፈልገውም። 8ቱን ለአፈር ማዳበሪያ ዕዳና ለልዩ ልዩ ወጪ ወዲያው ይሸጣል እንበል። 4ቱን እስከ መጋቢት ይበላዋል። ይህ ሁሉ ነቀዙ ሳይበረታ ስለሚያልቅ በተራው ማዳበሪያ ይሁን። ከመጋቢት በኋላ የሚከፈተው 8 ኩንታል ብቻ ነው በፒክስ መግባት ያለበት፤ 5ቱ ዋጋ ሲወጣ በሐምሌ ለመሸጥ፣ 3ቱ ለክረምት ቀለብ። ለ8 ከረጢት የሚጨመረው 1,120 ብር ነው። በኩንታል 7 ኪሎ ከሄደ ከ8ቱ 56 ኪሎ፣ ማለትም 2,240 ብር ይሄድ ነበር። ከረጢቱ ሁሉንም አያድንም፤ ኦክስጅኑ እስኪያልቅ ጥቂት ይበላል። ቢሆንም ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ነጋዴ የነቀዘ በቆሎ አይቶ በኪሎ የሚቀንሰውን እዚህ ውስጥ አላስገባነውም።

200 ፍሬዎን ቆጥረው ከመጡ በጥያቄው ሰዓት የእርስዎን ቁጥር ይዘን አብረን እናሰላለን።

በመጨረሻ ልትሸጡልኝ ነው አይደል?

አዎ፣ ከረጢቱን እንሸጣለን፤ የግብርና ግብዓት መደብር አለን። በማሳያው ላይ ግን ትእዛዝ አንቀበልም፣ ዋጋም አናስተዋውቅም። ዋጋ ለጠየቀን እንመልሳለን። ከረጢቱ እኛ ጋ ብቻ አይገኝም፤ የቀረበዎት ቦታ ይግዙ። የትም ቢገዙ ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች መኖራቸውን ቆጥረው ይረከቡ። ባለ አንድ ፕላስቲክ ከረጢት ፒክስ ነው ተብሎ ሲሸጥ አይተናል።

እኔ ክኒን አስገባበታለሁ፣ ነቀዙም ይሞትልኛል። ምን እፈልጋለሁ?

ፎስቶክሲን ነቀዝ ይገድላል። ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሰውንም ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። በእኛ አገር ኩንታሉ ያለው ቤተሰቡ በሚተኛበት ቤት፣ ብዙ ጊዜም ከመኝታው ራስጌ ነው። ክኒኑ የተሠራው በታሸገ መጋዘን ውስጥ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ እንዲጨመር ነው። ተራ ማዳበሪያ ደግሞ ጋዙን አይዝም፤ ጋዙ ወደ ቤቱ ይወጣል፣ ከእህሉ ሲያልቅም አዲስ ነቀዝ ይገባል። ሌላ ምንም ባይገዙን፣ ክኒኑን ከመኝታ ቤት ያውጡልን።

በፒክስ ውስጥ ክኒንም ዱቄት መድኃኒትም አይጨመርም። አያስፈልግም።

መመዝገብ የማያስፈልገው ማን ነው?

ጤፍ ብቻ የሚያከማች ሰው ጊዜውን ይቆጥብ። የጤፍ ፍሬ ለነቀዝ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አይገባበትም። ከቢቸናና ከደጀን በኩል ለጠየቁን ይህንኑ ነው የነገርናቸው። ስንዴ፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ ካላቸው ግን ይግቡ፤ እነሱን ነቀዝ ያገኛቸዋል። በቆሎውን በሙሉ እስከ ጥር ሸጦ የሚጨርስም አያስፈልገውም።

አይጥ የበዛበት ቤት ያለው ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ይግባና ይስማ። ፒክስ አይጥን አያቆምም። ከረጢቱ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ፣ ዙሪያው ተጠርጎ ካልተቀመጠ አይጥ ይበሳዋል። የተበሳ ከረጢት ደግሞ ተራ ማዳበሪያ ነው።

ዳታ ስንት ይበላል? ኔትወርክ ቢቋረጥስ?

በቪዲዮ 40 ደቂቃውን ሙሉ ለሚከታተል ከ200 እስከ 400 ሜጋባይት ይያዝ። የራስዎን ካሜራ ከዘጉ ይቀንሳል። ድምፅ ብቻ የሚሰማ ሰው ከ30 ሜጋባይት ብዙም አያልፍበትም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 8 ደቂቃዎች በቪዲዮ አይተው ቀሪውን በድምፅ መከታተል ይቻላል። ዙምን ቀደም ብለው ስልክዎ ላይ ይጫኑት፤ ማታ 2፡00 ላይ ማውረድ ከጀመሩ ከረጢቱ ሲፈታ አይደርሱም።

ቢቋረጥብዎት ያንኑ ሊንክ ነክተው ይመለሱ። በእኛ በኩል ከተቋረጠና በ10 ደቂቃ ካልተመለሰ ለሐሙስ ይተላለፋል፤ ያልተከፈተው ከረጢትም አብሮ ይቆያል። ለተመዘገበ ሰው የአስተሳሰሩ ክፍል ብቻ ተቆርጦ፣ አንሶ፣ በቴሌግራም ይላክለታል።

እኔ ባልገባ ባለቤቴ ብትገባስ?

እንዲያውም ደስ ይለናል። በብዙ ቤት ኩንታሉን የሚገዛው አባወራው ቢሆንም፣ እህሉን የምትቀዳውና መልሳ የምታስረው እማወራዋ ናት። ሦስቱን አንገት ማሰር ማወቅ ያለባት እሷ ናት። ሁለታችሁ በአንድ ስልክ ብትከታተሉ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ጥቂት ገበሬዎችን ሰብስበው በአንድ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ማሳየት ይችላሉ፤ ሲመዘገቡ ስንት ሰው አብሯቸው እንዳለ ይጻፉልን።

እንዴት ነው የምመዘገበው? ያለ ምዝገባ ሊንኩን ብቻ ብትልኩልኝስ?

ነጻው የዙም አካውንት በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ስልክ አያስገባም። ሊንኩን በየግሩፑ ብንበትነው በቆሎ የሌለው ሰው ቦታውን ይዞ፣ ባለ በቆሎው ደጅ ይቀራል። ስለዚህ ምዝገባው አራት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ስም፣ ከተማ ወይም ቀበሌ፣ ከመጋቢት በኋላ ስንት ኩንታል እንደሚያቆዩ፣ ማክሰኞ ወይስ ሐሙስ። የኩንታሉን ቁጥር የምንጠይቀው በጥያቄው ሰዓት ምሳሌያችንን ከአብዛኛው ሰው ጋር ለማስማማት ነው፤ ለማንም አሳልፈን አንሰጠውም። ሊንኩ በዕለቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ይደርስዎታል።

ብመዘገብና በዕለቱ ባይመቸኝስ?

«አልመጣም» ብለው ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ይጻፉልን፤ ቦታዎ ለተጠባባቂ ይሰጣል፣ እርስዎም ወደ ሐሙስ ይዛወራሉ። ሐሙስም ካልሆነ የአስተሳሰሩ ቪዲዮ ይደርስዎታል፤ ጥያቄዎን ግን በጽሑፍ ቀድመው ይላኩልን። የ200 ፍሬዎን ክብደት ከጻፉልን ስሌቱን ሠርተን መልሰን እንልክልዎታለን።